እናታችሁን ሳታሳምሙ ጥሪ መመለስ

እዚህ ጅማ ቡናው ተለቅሞ፣ ተሸጦ፣ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ የሰርግ ጥሪ ይደራረባል። ጥር ሲገባማ ቅዳሜና እሁድ አይበቃም። ከጥሪዎቹ ሁሉ ወጣቶችን የሚያስጨንቃቸው ደግሞ “ሚዜ ሁነኝ” የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት የሥራ ዘመኔን በሰው ኃይል አስተዳደር ስላሳለፍኩ ነው። የፈቃድ ፎርም ይዘው የሚመጡ ልጆች ምን ሰበብ እንደሚደረድሩ አውቃለሁ። ሰበቡ በኋላ ምን እንደሚያመጣባቸውም አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሚዜነት ምን እንደሚጠይቅ በደንብ አስቡ። ሱፍና ጫማ አለ። የሚዜዎች መዋጮ አለ። ከሰርጉ በፊት የሚደረግ ሽርጉድ አለ፣ ከሰርጉ በኋላም መልስና ቅልቅል አለ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቀኖቹ ከየት እንደሚመጡ እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ራሱ ሲያገባ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም እንዲሁ። ለሚዜ ግን ለብቻው የተጻፈ ፈቃድ የለም። ከዓመት እረፍታችሁ ነው የሚቀነሰው፤ እሱም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ “ይሄን አልፈልግም” ብሎ የሚያስብ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው አለመፈለጉን በምን እንደሚሸፍን ሲያሰላስል ነው።

አንድ አብሮን የሠራ ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብሮት አንድ ዶርም የኖረ ጓደኛው አጋሮ ላይ ሊያገባ ሚዜ ሁነኝ አለው። ልጁ አልፈለገም። ወጪው ከብዶታል፣ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ከሌሎቹ ሚዜዎች ጋር አይግባባም፣ ቀናቱንም ከእነሱ ጋር ማሳለፍ አላማረውም። እኔ ቢሮ መጥቶ “እናቴ ታማለች ልበለው?” ሲል ጠየቀኝ።

እስቲ ይሄን ሰበብ አብረን እንከተለው። ሙሽራው የልጁን እናት ያውቃቸዋል፤ ቤታቸው ስንት ጊዜ በልቷል። ሰው ታሟል ሲባል ደግሞ አገራችን ዝም አይልም። ይደወላል። ብርቱካን ተይዞ ቤት ይመጣል። እናትየው በሩን ራሳቸው ከፍተው “ማን ታመመ?” ቢሉ ልጁ ጓደኛውን ብቻ ሳይሆን እናቱንም አዋረደ። ጅማ ደግሞ ሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። መርካቶ ያጣችሁት ሰው ፈረንጅ አራዳ ያገኛችኋል።

ቀለል ያለ ሰበብም አያዋጣም። “ገንዘብ የለኝም” ብትሉ “ሱፉን እኔ እችልልሃለሁ” ይላችኋል። “ሥራ በዝቶብኛል” ብትሉ “አለቃህን ላነጋግርልህ” ይላል። የሚወዳችሁ ሰው ችግር ስትነግሩት ሊፈታላችሁ ይነሳል። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ሁለተኛ ውሸት መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው፣ አለዚያም ሳትወዱ ሱፉን ትለብሳላችሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን “እሞክራለሁ” ነው። ብዙ ልጆች ይሄ ውሸት አይመስላቸውም። ላለመሄድ ቆርጣችሁ “እሞክራለሁ” ካላችሁ ግን ውሸት ነው። ሙሽራው ቆጥሯችኋል። ሱፍ ሲለካ ስማችሁ አለ፣ መኪና ሲደለደል ቦታ ተይዞላችኋል። በመጨረሻው ሳምንት ስልክ ሳታነሱ ስትቀሩ ሌላ ሚዜ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። እንደማትመጡ እያወቃችሁ “ኢንሻአላህ” ወይም “እግዜር ካለ” ማለትም ያው ነው። የፈጣሪን ስም ለዚህ አታውሉት።

ለዚያ ልጅ ያልኩት ይሄን ነው፦ ውሳኔህንና ምክንያትህን ለያቸው። ውሳኔህን የማወቅ መብት አለው፣ ምክንያትህን ግን በዝርዝር የመስማት መብት የለውም፣ አንተም የመናገር ግዴታ የለብህም። አለመናገር መዋሸት አይደለም። ደግሞ ዛሬ ነገ አትበል። በተጠየቅህ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በአካል ንገረው።

ልጁ ቡና ጋበዘውና እንዲህ አለው፦ “ወንድሜ፣ እኔን ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ሚዜ ግን አልሆንም። አሁን የምነግርህ ሌላ ሰው የምታስብበት ጊዜ እንዲኖርህ ነው። የሰርግህ ዕለት አጋሮ መጥቼ ምሳ እበላለሁ።” አራት ዓረፍተ ነገር ነው። እምቢታው ሁለተኛው ላይ አለ፣ በምስጋና ብዛት አልተቀበረም። ምሳውንም ቃል የገባው በእውነት መሄድ ስለፈለገ ነው። ባይፈልግ ኖሮ ያቺን ዓረፍተ ነገር መተው ነበረበት። ለማባበያ የተሰጠ ቃል ሌላ ዕዳ ነው።

ሙሽራው እንደጠበቅነው “ለምን? ምን አጠፋሁ?” አለ። “ምንም አላጠፋህም። ሚዜነት የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ አልፈልገውም። ከዚህ በላይ ባልዘረዝር ደስ ይለኛል፣ ውሸት ግን አልነግርህም።” ሙሽራው እንደገና ጠየቀ። ልጁም ያንኑ ደገመ፣ አዲስ ነገር አልጨመረም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሸነፉት። ሁለተኛው “ለምን” ሲመጣ ዝምታው ይከብዳቸውና ሰበብ ያመልጣቸዋል። ዝምታው ይለፍ፤ ቡናችሁን ፉት በሉ።

ቅር አላለውም አልላችሁም። ብሎታል። ለጥቂት ሳምንት ስልክ አልደወለም። በሰርጉ ዕለት ግን ልጁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ በላ፣ ሙሽራውም መጥቶ ጨበጠው። የጋራ ጓደኞች “ለምን ሚዜ አልሆንክም?” ሲሉት ለሙሽራው ያለውን ነበር የሚመልሰው። ለእያንዳንዱ የነገረውን ማስታወስ አላስፈለገውም።

ጠሪው ትልቅ ሰው ከሆነ አነጋገሩ ይለያል፣ ቁም ነገሩ ግን ያው ነው። “ጋሼ፣ ስላከበሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሁድ ግን አልመጣም፤ ሳይነግረኝ ቀረ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።” ትልቅ ሰው “አይሆንም፣ ትመጣለህ” ሊል ይችላል። ዝቅ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አልመጣም” በሉ። በቴሌግራም ለመቶ ሰው ለተላከ ካርድ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። “እንኳን ደስ አላችሁ፣ እኔ አልገኝም” ይበቃል።

ሁለት ነገር ለይታችሁ ያዙልኝ። ለቅሶ ጥሪ አይደለም። “አልፈልግም” የሚባልበት ቦታ አይደለምና ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ደርሳችሁ ኑ።

ሁለተኛው በተለይ ለሴቶች ልጆቼ ነው። አለቃችሁ ወይም መምህራችሁ ለብቻችሁ እራት ሲጋብዛችሁ ከደነገጣችሁ፣ ከላይ የጻፍኩት ሥርዓት አያስራችሁም። የሚያስፈራ ሰው እውነቱን ሊነገረው አይገባም። በመጣላችሁ ሰበብ ውጡ፣ ከዚያ ለምታምኑት ሰው በዚያኑ ዕለት ንገሩ። የላከላችሁን መልእክትም አታጥፉት።