ዶላሩ መቼ እንደሚፈቀድ ሳይታወቅ ትዕዛዝ መቼ ይጀመር?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ከህንድ አስመጣለሁ። ባንክ ዶላር መቼ እንደሚፈቅድልኝ አላውቅም፣ ዕቃውም መንገድ ላይ ወራት ይቆያል። አዲስ ትዕዛዝ መቼ ልጀምር?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቻችን የመንገዱን ጊዜ የምንቆጥረው መርከቡ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ለክምችት ዕቅድ ግን መነሻው ፕሮፎርማው ለባንክ የቀረበበት ቀን መሆን አለበት። ጅቡቲ ለድሬዳዋ ቅርብ መሆኗም ያዘናጋል፤ ጊዜውን በብዛት የሚወስደው ከወደቡ እስከ እኛ ያለው መንገድ ሳይሆን የባንክ ወረፋው፣ የባሕሩ ጉዞና የሰነዱ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ጊዜውን ከጥያቄ እስከ ኤልሲ መከፈት፣ ከኤልሲ መከፈት እስከ መጋዘን ብለው ለሁለት ከፍለው ይመዝግቡት። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 4 ወር፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 5 ወር ይፈጅብዎታል እንበል። በወር 300 ጥንድ የፍሬን ሸራ የሚሸጡ ከሆነ፣ በክፉ ጊዜ 9 ወር ስለሚጠብቁ፣ በመጋዘንና በመንገድ ያለው ድምር ወደ 2,700 ሲወርድ አዲስ ጥያቄ መግባት ይኖርበታል። የወር ሽያጩን ሲያሰሉ ዕቃው አልቆ የነበረባቸውን ወራት ከስሌቱ ያውጡ፤ ያን ጊዜ ያልተሸጠው ዕቃ ስለጠፋ እንጂ ፈላጊ ስለጠፋ አይደለም።

አሁን መጋዘን ውስጥ 1,100፣ ባሕር ላይ 900፣ ባንክ ፈቃድ የሚጠብቅ ደግሞ 1,200 አለ እንበል። ሦስቱን ደምሮ 3,200 አለኝ የሚል ነጋዴ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ኤልሲ ያልተከፈተለት ዕቃ ግን ገና ጥያቄ ስለሆነ፣ ሊተማመኑበት የሚችሉት ቁጥር 2,000 ብቻ ነው። ይህን ሲያዩ ለዚያው ዕቃ ሁለተኛ ጥያቄ ለማስገባት አይቸኩሉ፤ ሁለቱም በተቀራራቢ ጊዜ ቢፈቀዱ ገንዘብዎ መጋዘን ውስጥ ይታሰራል። ይልቅስ ፈቃዱ መምጣት ያለበትን የመጨረሻ ቀን ያስሉ፤ 2,000 ጥንድ ለ6 ወር ከ20 ቀን ያህል ይበቃል፣ ከዚያ ላይ ከኤልሲ በኋላ የሚፈጀው 5 ወር ሲቀነስ የሚቀረው 50 ቀን ነው። ይህ ቀን ያለ ፈቃድ ካለፈ የጅምላ ሽያጭዎን ይገድቡ፣ ከመርካቶ አከፋፋዮችም ሌላው አስመጪ ሳያልቅበት በፊት ጥቂት ይግዙ።

በወር ሁለትና ሦስት ለሚሸጥ ውድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለሙሉ ሞተር፣ የክፉውን ጊዜ ክምችት መያዝ አያዋጣም፤ እሱ አልፎ አልፎ ቢጠፋ ይሻላል።

ባንኩ ከጠየቁት አሳንሶ ከፈቀደ ሁሉንም ዕቃ እኩል ከመቀነስ ይልቅ ቀድሞ የሚያልቀውን ሙሉ በሙሉ ይዘዙ፣ ለብዙ ወር የሚበቃውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ። ይህ እንዲቀልልዎ አስቸኳዩን በተለየ ፕሮፎርማ ማቅረብ ይበጃል። የፕሮፎርማው ዋጋ የሚጸናበት ጊዜም ከባንኩ ወረፋ እንዳያጥር ከአቅራቢው ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ፈቃዱ ሲመጣ የሚያስፈልግዎ ብር በጥያቄው ቀን ካሰቡት ሊበልጥ ስለሚችል ለዚያ መጠባበቂያ ይያዙ።