የሽንኩርት መክተፊያዋ ሪል፦ መጀመሪያ ሲቀረቀር አሳዪ

«በገመድ የሚጎተተውን የሽንኩርት መክተፊያ ፒያሳ እሸጣለሁ። ለሪል ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። ጉድለቱን ከተናገርኩ ማን ይገዛኛል? ዝም ካልኩ ደግሞ ውሸታም እባላለሁ። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም ይቺኑ ዕቃ ሜክሲኮ አካባቢ ሸጫለሁ። የመጀመሪያው ሪሌ አሳፋሪ ነበር። ሙዚቃ፣ ጎተት ጎተት፣ «ሽንኩርት በ5 ሰከንድ!»፣ አለቀ። ሰው ገዛ። ከሳምንት በኋላ አንዲት እናት ዕቃውን በፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ አይከትፍም፣ ይጨምቃል» አሉኝ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው።

ነገሩ የገባኝ ቤት ወስጄ እማዬን ሳስሞክራት ነው። ብዙ በተጎተተ ቁጥር ሽንኩርቱ ይደቅና ውሃው ይወጣል። ያ ሽንኩርት ደረቅ ድስት ላይ ሲጣድ መቁላላቱ ቀርቶ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ወጥ የምትሠራ ሴት ይሄን በአንድ እይታ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ የ5 ሰከንዱን ቪዲዮ ስታይ የምትጠረጥረውም ለዚሁ ነው። በእኔ ዕቃ ለወጥ ከ10 እስከ 12 ጉተታ ይበቃል። ያንቺ ምላጩ 3 ይሁን 5 እይና ራስሽ ቁጠሪው፣ የእኔን ቁጥር እንዳትወስጂ።

ሁለተኛውን ሪል ከስህተቱ ጀመርኩት። ሰላምታ የለም። የእማዬ እጅ ብቻ ይታያል፣ ዕቃው በሽንኩርት ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ገመዱን ስትጎትተው ቀጥ ይላል። ድምፄ እንዲህ ይላል፦

«ይኸው፣ ተቀረቀረ። እስከ አፉ ስለሞላነው ነው። አሁን በትክክል እንሥራው።»

ከዚያ 2 መካከለኛ ሽንኩርት፣ እያንዳንዱ 4 ቦታ ተከፍሎ፣ ከዕቃው ግማሽ ሳያልፍ። ይሄን ክፍል በአንድ ቀረጻ አድርጊው፣ አትቁረጪው። ጉተታው ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፣ ክዳኑም እዚያው ይከፈታል። ቪዲዮው መሀል ላይ ከተቆረጠ ሽንኩርቱን በቢላ ከትፋችሁ ነው የቀየራችሁት የሚል ኮሜንት አይቀርልሽም። እኔ ደርሶብኛል። የተከተፈውን በማንኪያ አንስተሽ ወደ ካሜራው አስጠግተሽ አሳዪ፣ ያልተከተፈ ትልቅ ልጣጭ መሳይ ቁራጭ ካለም አታውጪው። የእኛ ላይ አንድ ነበረች። «ይቺ አምልጣለች፣ በቢላ ነካ እናደርጋታለን» አልኩ። የሚገርምሽ ብዙ ሰው ስለዚያች ቁራጭ ነው የጻፈልኝ፤ ዕቃውን የገዛውም ከነሱ መሀል ነው።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ጉድለቱን ተናግረሽ እዚያው ካቆምሽ አዎ፣ ማንም አይገዛሽም። ጉድለቱን የምትናገሪው ዕቃው ለማን እንደሚሆን ለማሳየት ነው። አስቢው፣ በአንድ ዙር የሚገባው 2 ሽንኩርት ነው። ለዶሮ ወጥ 20 ሽንኩርት ካላት 10 ጊዜ መክፈት፣ መገልበጥ፣ መዝጋት ሊሆንባት ነው። በቢላ ይሻላታል። የማታ ሽሮ ወይም ምስር የምትሠራዋ ግን አንድ ዙር ይበቃታል። እኔ ይሄን እንዲህ ጻፍኩት፦

«ለዶሮ ወጥ አትግዙት፣ ክንዳችሁ ይዝላል። ከሥራ ገብታችሁ ለራት ሽሮ ከሆነ ግን ይኸው፣ 12 ጉተታ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ክዳኑም ስለተዘጋ ዓይናችሁን ብዙም አያቃጥልም። መላጡ ግን የእናንተ ነው።»

እንደ እኔ እምነት ዕቃውን የሸጠችልኝ ይቺ ቦታ ናት። «ለዶሮ አትግዙት» ያለ ሻጭ ስለ ሽሮው ሲናገር ይታመናል። ዝም ብለሽ «ለሁሉም ይሆናል» ብትዪ ግን ፒያሳ ያለው ሱቅ ሁሉ የሚለውን አልሽ ማለት ነው።

ማጠቡን አትዝለዪው፣ ግን 5 ሰከንድ በቂ ነው። ሳህኑንና ምላጩን አጥቡት፣ ክዳኑን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት በይ። ገመዱ የሚጠቀለለው ክዳኑ ውስጥ ነው። ውሃ ከገባበት ገመዱ ይረጥባል፣ እየቆየ አልመለስ ይላል። ከተመለሱልኝ መሀል ሁለቱ እንደዚያ ነበሩ። ምላጩም ስለታም ነው፣ ልጅ ባለበት ቤት ክዳኑን ከፍታችሁ አትተዉት የምትል አንድ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ትበቃለች።

የእኔ ቪዲዮ በጠቅላላው 45 ሰከንድ አካባቢ ነበር። ከዚያ ካለፈ የምትቀንሺው የራስሽን ወሬ ነው፣ ጉተታውን አትንኪ።

ደግሞ ዋጋውን ቪዲዮው ላይ ጻፊው እባክሽ። «ዋጋ ኢንቦክስ» ካልሽ ያ ሁሉ ግልጽነትሽ ገደል ገባ፤ ኮሜንቱ «ስንት ነው?» ብቻ ሆኖ ይሞላል፣ ያቺን ያመለጠች ሽንኩርት የሚያወራልሽ ሰው አታገኚም።