ስለ ባሕር ዳርቻ ርዝመት፣ አንዴ ከተቃጠለች ሰው

ጥያቄ፦ «ለሪፖርት የኖርዌይን የባሕር ዳርቻ ርዝመት ፈልጌ ነበር። አንዱ 2,650 ኪሎ ሜትር ይላል፣ አንዱ 25,148፣ ሌላው 100,915። በራሴ QGIS በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ስለካው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቁጥር መጣ። የቱን ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ሰው ፊት አፍሬበታለሁ። አንተም እዚያው መንገድ ላይ ስለሆንክ ትንሽ ላስረዝምብህ።

1. ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። 2,650ው የፊዮርዶቹን፣ ማለትም ወደ መሬት ጠልቀው የሚገቡትን ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ አፍ ከዳር ዳር እየዘለለ የሄደ ነው። 25,148ው ፊዮርዶቹ ውስጥ ገብቶ፣ ዞሮ የወጣ ነው። 100,915ው ደሴቶቹንም ይጨምራል፤ በ2011 ይፋ የሆነ አዲስ ልኬት ነው። ከዚያ በፊት ደሴቶቹን ጨምሮ ይነገር የነበረው 83,000 ገደማ ነበር። ኖርዌይ በመሃል አንድ ስንዝር መሬት አልጨመረችም። ካርታው ዝርዝር ሆነ፣ በእጅ ሲለካ የነበረው በኮምፒውተር ተለካ፣ በዚህ ብቻ ከ17,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዳርቻ «ተገኘ»።

2. በተለያየ ስኬል የተሠሩ ሁለት ካርታዎችን ርዝመት እንዳታወዳድር። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። የአንድ አካባቢ ዳርቻ በመሸርሸር ምን ያህል እንደተለወጠ እንዳሳይ ታዘዝኩ። አሮጌው ካርታ 1:250,000 ነበር፣ አዲሱ 1:25,000። ሁለቱንም ለካሁ። አዲሱ በሲሶ ያህል በለጠ። እኔም ደስ ብሎኝ «ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ፣ እየሰረጎደ ስለሆነ የዳርቻው ርዝመት ጨምሯል» ብዬ ጻፍኩ። ግራፍ ሠራሁለት። ቀይ ቀለም ቀባሁት።

የገምጋሚው ቢሮ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ወረቀቱን ገፍቶ «የኔ እህት፣ ባሕሩ ነው ያደገው ወይስ ማስመሪያሽ ነው ያጠረው?» አለኝ። ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሳቁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የሁለት ወር ሥራ ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ባለጌ ነው፣ ግን ልክ ነበር።

ያን ማታ ቤት ቁጭ ብዬ የብሪታንያን ካርታ አወጣሁ። አንተም ይህን በእጅህ ብታደርገው ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይሻልሃል። ኮምፓስ ያዝ፤ እርሳስ የሚገባበትን ሳይሆን ሁለት መርፌ ያለውን። በካርታው ስኬል 200 ኪሎ ሜትር ያህል ክፈተውና ዳርቻውን እየረገጥክ ዙር። 12 እርምጃ ያህል ይወስድብሃል፤ 2,400 ኪሎ ሜትር። አሁን ወደ 100 አጥብበው። ዳርቻው ቀጥ ያለ ቢሆን 24 እርምጃ በቂ ነበር። የሚወስድብህ ግን 28 ነው፤ 2,800 ኪሎ ሜትር። በ50 ስትረግጠው 48 መሆን የነበረበት 68 ይሆናል፤ 3,400 ኪሎ ሜትር። ቀድሞ ኮምፓሱ ከላይ ዘሎት ያለፈው ባሕረ ሰላጤ አሁን መርፌውን ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ስርጉዶች አሉ። እነሱ ውስጥም ሌሎች አሉ።

በግማሽ ባጠበብከው ቁጥር ርዝመቱ በአማካይ 19 በመቶ ያህል ያድጋል። የገረመኝ ይሄ ነው፤ ዕድገቱ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ አይደለም፣ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን መጀመሪያ ያየው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሰውዬው ጦርነት የሚጠላ ሰው ነበር። የሁለት አገሮች ድንበር መርዘም ከመዋጋታቸው ጋር ይያያዝ እንደሆነ ሊያጠና ተነሣ፤ ለዚያ ደግሞ የድንበሮቹን ርዝመት ፈለገ። ልክ እንዳንተ። መዛግብቱን ሲያገላብጥ ስፔን ከፖርቱጋል ጋር ያላት ድንበር በአንዱ 987፣ በሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ሆኖ አገኘው። የኔዘርላንድና የቤልጂየም ደግሞ 380 እና 449። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1961 ነው። በ1967 ቤኑዋ ማንደልብሮ ከዚያ ተነሥቶ የብሪታንያ ዳርቻ ስንት ነው ብሎ በጻፈው ጽሑፍ ነገሩ ታወቀ።

ቀመሩ አጭር ነው። L ርዝመቱ ነው፣ G የእርምጃው ስፋት፤ 1 የመጀመሪያው ልኬት፣ 2 የሁለተኛው። D ደግሞ ዳርቻው ምን ያህል ጠመዝማዛ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው፦

```
D = 1 + log(L2/L1) / log(G1/G2)
```

ከላይ ባሉት ቁጥሮች አስላው፦ 3,400ን ለ2,400፣ 200ን ለ50። D ወደ 1.25 ይመጣል። ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር D 1 ነው። የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ለስላሳ ስለሆነ 1.02 ነው፤ እዚያ በየትኛውም ማስመሪያ ብትለካ ብዙ አትጣላም። የስፔንና ፖርቱጋል ድንበር 1.14 ነው። እንግዲህ በዚህ 1.14 ወደኋላ አስላው፤ 1,214 የተባለው የተለካበት ማስመሪያ 987 ከተባለበት በአራት እጥፍ ያህል አጭር ቢሆን ልዩነቱ በሙሉ ይገኛል። መሬት የወሰደ የለም። እኔ ይህን ሳሰላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ሞከርኩ። የብሪታንያን 3,400 ይዤ ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 100 ሜትር ማስመሪያ ወረድኩ። ዘጠኝ ጊዜ ያህል በግማሽ ማጥበብ ማለት ነው። 16,000 ገደማ ይመጣል። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት በ1:10,000 ካርታ ለዋናው ደሴት የሰጠው 17,800 ገደማ ነው። በኮምፓስ ሦስት ጊዜ ከመርገጥ የተነሣ ግምት እዚህ ድረስ መቅረቡ አይገርምም? እስከ አሸዋ ቅንጣት ድረስ ግን አትቀጥልበት። እዚያ ታች ማዕበሉ በየደቂቃው መስመሩን ይለውጠዋል፣ ከፍተኛውን የውኃ መስመር ልያዝ ዝቅተኛውን የሚለውም ሌላ ጣጣ ነው። «ዳርቻው ወሰን የለሽ ነው» የሚሉት የሒሳቡን ኩርባ ነው፤ የእውነቱ ዳርቻ ከዚያ በፊት ትርጉም ያጣል።

3. ወደ QGIS ልሂድ፣ ተራ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። «ሌላ ቁጥር መጣ» ስትል መጀመሪያ የፕሮጀክሽን ስህተት አለመሆኑን አረጋግጥ። ሌየርህ የድረ ገጽ ካርታዎች በሚጠቀሙበት ፕሮጀክሽን፣ በEPSG:3857 ከሆነና በጠፍጣፋው ከለካህ፣ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመቱ በእጥፍ ይነፋል። ኖርዌይ ደግሞ ወደ ላይ ስትሄድ ከ60 በላይ ነች። Reproject Layer በሚለው ወደ EPSG:25833 ቀይረው፤ ለዋናው መሬት ስህተቱ ከግማሽ በመቶ በታች ይሆናል። ከዚያ Field Calculator ውስጥ ይህን ጻፍ፦

```
sum(length(simplify($geometry, 1000))) / 1000
```

መልሱ በኪሎ ሜትር ነው። ውስጥ ያለውን 1000 ወደ 4000፣ 2000፣ 500፣ 250 እየቀያየርክ ውጤቱን መዝግብ። ይህ ቁጥር መቻቻያ፣ ማለትም ፕሮግራሙ መስመሩን ሲያቀል ከዋናው እንዲርቅ የተፈቀደለት ልክ እንጂ የኮምፓስ እርምጃ ስላልሆነ፣ ሪፖርትህ ላይ «1 ኪሎ ሜትር ማስመሪያ» አትበል፤ «በ1,000 ሜትር ከቀለለ በኋላ» በል። ሁለቱንም ዘንግ በሎጋሪዝም አድርገህ ግራፍ ስትሠራ ነጥቦቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ።

ቁጥሩን ስታሳንስ ግን የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ይተኛል፤ ርዝመቱ ማደግ ያቆማል። እኔ እዚህ ጋ «አሃ፣ እውነተኛውን ርዝመት አገኘሁ» ብዬ ሁለተኛ ልዋረድ ነበር። ያለቀው ዳርቻው መስሎኝ፣ ያለቀው ዳታው ነው። ካርታውን የሣለው ሰው ከዚያ ያነሰ ስርጉድ አልሣለም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚያገኘው የለም። በተለይ ne_10m_coastline የሚለውን ፋይል አውርደህ ከሆነ 10m የሚለው አሥር ሜትር አይደለም። አንድ ለአሥር ሚሊዮን ማለት ነው። ይህን በአሥር ሜትር ትክክለኛነት ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልነግርህም፣ ቢሮው ግን የኔው ነው።

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት፣ አሮጌውንም አዲሱንም ካርታ በአንድ መቻቻያ አቃለልኳቸው። ከአሮጌው ካርታ ዝርዝር ሰፋ ያለ ቁጥር መረጥኩ፤ ያለዚያ አሮጌው ድሮም ስለቀለለ አይነካም፣ አዲሱ ብቻ ይላጫል። ያ ሲሶ የሚያህል ልዩነት ሁለት በመቶ እንኳ ሳይሞላ ቀረ። የቀረውን ለመሸርሸር ጥያቄ አልተጠቀምኩበትም፤ በምትኩ የተወሰደውን መሬት ስፋት ለካሁ። ስፋት እንደ ርዝመት አይደለም። ካርታው ሲዘረዝር ትንሽ ይወዛወዝና ይረጋል፣ ምክንያቱም አንዱ ስርጉድ የሚቀንሰውን ሌላው ጉብታ ይመልሰዋል። መሸርሸር ለማሳየት መጀመሪያውኑ መለካት የነበረብኝ እሱን ነው።

ለአንተ ሪፖርት ግን ርዝመት ከተባለ ርዝመት ጻፍ። ኖርዌይን ብቻ ከሆነ 100,915ን ከነደሴቶቹ፣ 2011 ብለህ ጻፍ፤ ይበቃሃል። ከሌላ አገር ጋር ልታወዳድራት ከሆነ ግን ከድረ ገጽ የለቀምካቸውን ሁሉ ጣልና ሁለቱንም አገር ከአንድ ፋይል፣ በአንድ መቻቻያ ራስህ ለካ። ከሠንጠረዡ ሥር ደግሞ ይህን አስገባ፦ የካርታው ስኬል፣ መቻቻያው፣ ደሴት ተጨምሯል ወይስ አልተጨመረም። እኔ ሁለተኛውን ሪፖርት ስወስድ ያ ገምጋሚ ገጾቹን ገላልጦ ያቺን መስመር ሲያይ ብዕሩን አወጣ። ምንም አላለም፣ ፈረመ። ከሳምንት በኋላ ጸሐፊውን ልኮ ሠንጠረዡን አስገልብጦ ወሰደ።