ትንሹ ብር ይገባል፣ ትልቁ ይመለሳል

«ባልትና እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በስልክ ነው። ባለፈው ዋሌቴ ውስጥ 18,700 ብር እያለ አንዷ 2,000 ላከችልኝና ተመለሰባት። በዚያው ቀን ሌላዋ የላከችው 600 ግን ገባ። በማግስቱ ለበርበሬ 1,500 ከከፈልኩ በኋላ ያው 2,000 ያለ ችግር ገባ። አንድ ልጅ ስልኬን ሪሴት አደረገው፣ ሲሙንም ቀየረልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። ደረጃ ላሳድግ ስል ደግሞ ስም አይዛመድም ይለኛል። ሲሙ የወጣው በአክስቴ ልጅ ስም ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስልክሽ ምንም አልሆነም። ኔትወርኩም አይደለም። 600 ገብቶ 2,000 ሲመለስ፣ ከዚያ ትንሽ ወጪ አድርገሽ ያው 2,000 ሲገባ፣ እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ዋሌትሽ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ደረጃ አልጨምር ያለሽም በሲሙ ስም ምክንያት ነው። ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ያ ልጅ ስልኩን ሪሴት ሲያደርግና ሲም ሲቀይር ፒንሽን ነግረሽዋል? ከነገርሽው ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ፒኑን ቀይሪ። ሲም ለመቀየርም ሆነ ደረጃ ለማሳደግ ማንም ሰው ፒንሽን ማወቅ አያስፈልገውም።

አሁን ጣሪያው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ባወጣው መመሪያ አካውንቶችን በሦስት ደረጃ ከፈላቸው። አንደኛው ደረጃ ቢበዛ 5,000 ብር ይይዛል፣ ሁለተኛው 20,000፣ ሦስተኛው 30,000። የቀን እንቅስቃሴያቸው ደግሞ 1,000፣ 5,000 እና 8,000 ነበር፤ የወሩ 10,000፣ 40,000 እና 60,000። ቁጥሮቹ የ2012ቱ መመሪያ ናቸው፤ ዛሬ ያንቺ አካውንት ላይ የሚሠራውን አፑ ውስጥ ወይም አገልግሎት ማዕከል ጠይቀሽ እዪ። የነገርሽኝ ነገር ግን ከ20,000ው ጋር ልክክ ስለሚል በእሱ ልሥራልሽ። ጣሪያሽ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሪው።

ይህን ሁልጊዜ በሮቶ ነው የማስረዳው። የቤትሽ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለሽ እንበል፣ 20,000 ሊትር የሚይዝ። ይህ የቀሪ ሂሳብ ጣሪያ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ብር ሊቀመጥ እንደሚችል። የሮቶው ቧንቧ ደግሞ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው በቀን ስንት እንዳለፈ ይቆጥራል። ሌላ ቆጣሪ ደግሞ የወሩን ይቆጥራል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ቆጣሪውን ብቻ ነው። «ዛሬ እኮ ገና 600 ብቻ ነው የገባልኝ» ይላል። ቆጣሪው ባዶ ቢሆንም ሮቶው ሊሞላ ይችላል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ቆጣሪውም ሊሞላ ይችላል። ሁለቱ አይተዋወቁም።

አሁን ያንቺን እንቁጠር። 18,700 ላይ 2,000 ሲጨመር 20,700 ነው፤ ከሮቶው በላይ ነው፣ ስለዚህ ተመለሰ። 600 ሲጨመር 19,300 ነው፤ ገባ። በማግስቱ 1,500 ከፈልሽ፤ 17,800 ቀረ። 2,000 ሲመጣ 19,800፤ ገባ። አየሽ? ስልክሽ ሪሴት ባይደረግም ይገባ ነበር።

ሮቶው ዋሌትን የማይመስልበት አንድ ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። ውሃ ሲመጣ ሮቶው እስኪሞላ ይገባና ይቆማል። ዋሌት እንደዚያ አይደለም። ከ2,000 ውስጥ 1,300 ተቀብሎ 700 አይመልስም። ቦታ ከሌለው ሁሉንም ይመልሳል። ደግሞ መልእክቱ የሚሄደው ለላኪዋ ነው፣ አንቺ ጋ ምንም ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ደንበኛሽ «ልኬያለሁ» ስትል አትጨቃጨቂ፤ የራስሽን የግብይት ታሪክ ክፈቺ። እዚያ ከሌለ አልገባም። ኤስኤምኤስ አትመኚ፤ የውሸት «ደርሶሃል» መልእክት በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ላኪዋም በላዩ ላይ ሁለተኛ ከመላኳ በፊት ቀሪ ሂሳቧን ትይ። ከመለያየታችሁ በፊት ብሩ መመለሱን ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ነው።

የቀን ቆጣሪው መቼ ይዞራል የሚለውም ሰው ያምታታል። እኔ ባየሁት ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው እንጂ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አይደለም። ማታ 5 ሰዓት ላይ ቢከለከልሽ ጠዋት ስትነሺ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥገና እንግባ። ሲሙ በአክስትሽ ልጅ ስም ከሆነ ዋሌቱም ሥርዓቱ ዘንድ የእሷ ነው። አንቺ የራስሽን ፋይዳ ስታስገቢ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኑበት። እዚህ ጋ ነው በመንገድ ዳር የሚሸጥ፣ በማን ስም እንደወጣ የማይታወቅ ሲም የሚያናድደኝ። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ተብሎ የሰው ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ይቀመጣል። ስልክሽን ሪሴት ያደረገው ልጅ ሲሙን ሲቀይር በማን ስም እንዳለ ሳያይ መቀየሩም ያው ጥፋት ነው፤ አዲስ ካርድ፣ የድሮ ስም።

ቅደም ተከተሉን አታዛንፊ። በመጀመሪያ ዋሌቱን በተቻለ መጠን ባዶ አድርጊው፤ ለዕቃ ክፈይ፣ ወይም ራስሽ ስም ላይ ወዳለው ባንክ አሳልፊው። በቀን ቆጣሪው ምክንያት ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል። ከዚያ አንቺና የአክስትሽ ልጅ አብራችሁ፣ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ፣ የቴሌኮሙ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና የሲሙን ባለቤትነት አዛውሩ። ይህ ሳያልቅ ደረጃ ለማሳደግ አትሞክሪ። ደጋግሞ ተሞክሮ ሲወድቅ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል፣ ያኔ ሥራው ይበዛል።

ካዛወራችሁ በኋላም ስም አይዛመድም ካለ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛው የእንግሊዝኛ ፊደሉ ነው። ፋይዳሽ ላይ Tsehay ተብሎ ሲሙ ላይ Tsehaye ከሆነ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው። ሲሙን ስታዛውሪ ፋይዳሽን እያሳየሽ ፊደል በፊደል አስጽፊ፣ የአያት ስምም ሳይቀር። ሁለተኛው የትውልድ ቀን ነው። ጥር 5 ቀን 1982 የተወለደች ሰው በፈረንጅ 13/01/1990 ነው። ፎርሙ የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳታዪ የኢትዮጵያውን ብታስገቢ 8 ዓመት ታረጃለሽ።

ፋይዳን ስታረጋግጪ ኮድ ይላክልሻል። ኮዱ የሚመጣው ለፋይዳ ስትመዘገቢ በሰጠሽው ስልክ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከጠፋ ወይም ከተቀየረ ቀድመሽ አስተካክዪው። ኮዱ ሲመጣ ራስሽ አስገቢው። «ደረጃሽን ላሳድግልሽ፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው። ፒን ለማንም አትስጪ፣ ኮድም ለማንም አትንገሪ። ወኪሉ ጎረቤትሽ ቢሆንም።

የመታወቂያ ፎቶ የሚጠየቅ ከሆነም በርካሽ ስልክ ካሜራ፣ በላስቲክ በተለበጠ መታወቂያ ላይ የአምፖል ነጸብራቅ አርፎበት አታንሺ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ፍላሹን አጥፊ፣ አራቱም ጠርዝ ይግባ።

ብሩን በልጆችና በእህቶች ዋሌት ከፋፍለሽ ተቀበዪ የሚሉሽ ይኖራሉ። አታድርጊው። ገንዘቡ በእነሱ ስም ይሆናል፣ ደጋግሞ የሚከፋፈል ገንዘብም ሥርዓቱ ይጠረጥረዋል። ሽያጭሽ በወር ከግል አካውንት ገደብ ከበለጠ የንግድ ፈቃድሽንና ቲንሽን ይዘሽ የነጋዴ አካውንት ክፈቺ፤ ገደቡ ለንግድ የተለየ ነው።

እስኪስተካከል ድረስ ከትልቅ ትዕዛዝ በፊት ቀሪ ሂሳብሽን እዪ፣ ከጣሪያው ቀንሺው፣ የቀረው ስንት እንደሆነ ለደንበኛሽ ንገሪያት። ከ20,000 ላይ 18,700 ሲቀነስ 1,300 ነው። 1,300 ዛሬ ትላክ፣ 700 ለበርበሬው ከከፈልሽ በኋላ።