«ሰነፍ ነው» ተብሎ ለተነገራችሁ ሰው ምን ትጽፋላችሁ? ስለ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ጥያቄና መልስ

በአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የምዘና ቅጽ ሳነብ፣ ስመልስና ሳስተካክል ኖሬአለሁ። የግማሽ ዓመቱ ምዘና ስለደረሰ የቡድን ባልደረቦች ስለ እርስ በርሳቸው የሚናገሩትን ወደ ጽሑፍ ስለመለወጥ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ።

የመጋዘን አስተባባሪ፣ ከአዳማ፦ *ስድስት ሠራተኞች አሉኝ። ስለ አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የተሰጠኝ አስተያየት ይህ ነው፦ «ሁልጊዜ ያረፍዳል። ዕቃ ቢጎድል ደንታ የለውም። ግን ጥሩ ልጅ ነው።» ቅጹ ላይ ምን ልበል?*

ሦስቱንም ለየብቻ ይያዙ። ለእያንዳንዱ፣ ተናጋሪውን «ምን አየህ? መቼ? ምን አስከተለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ መዝገብ ይክፈቱ። እኔ ዘንድ በጣም የሚመሳሰል ጉዳይ ስለነበር በእሱ ላሳይዎት።

«ሁልጊዜ ያረፍዳል» የተባለው ሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ 11 ቀን ዘግይቶ ፈርሟል። ቀኖቹን ስናያቸው 8ቱ ሰኞ ናቸው። ሰኞ ጠዋት የቅዳሜን ገቢ ባንክ አስገብቶ እንዲመጣ ያዘዘው ደግሞ የቅርብ ኃላፊው ራሱ ነበር! የቀሩት 3 ቀናት ናቸው፤ የሌሎቹን ባልደረቦች ፊርማ ስንመለከት ከ2 እስከ 5 ቀን የዘገዩ አሉ። ስለዚህ ስለ ማርፈድ ምንም አልተጻፈም። ለሁሉም የማይጻፍ ነገር ለአንዱ ብቻ ከተጻፈ እውነት ቢሆንም ሚዛኑን ስቷል።

«ደንታ የለውም» የልብ ንባብ ነው፤ ልቡን ያየለት የለም። የሚታየው ቆጠራና ደረሰኝ ነው። እንዲህ ተጻፈ፦

«በመስከረም ቆጠራ 4 ካርቶን ዘይት ጎድሎ ተገኝቷል። በዚያ ወር ከወጡት ደረሰኞች 7ቱ የተረካቢ ፊርማ ስላልነበራቸው ጉድለቱ የት እንደተፈጠረ ማወቅ አልተቻለም። ከጥቅምት ወዲህ ያለ ፊርማ ዕቃ አላወጣም፤ በታኅሣሥ ቆጠራ ጉድለት አልታየም። በቀጣዩ ግማሽ ዓመት በየሳምንቱ ዓርብ ደረሰኙን ከቀሪው ዕቃ ጋር እንዲያመሳክር ተስማምተናል።»

ልብ ይበሉ፤ ሌባ አልተባለም፣ ቸልተኛም አልተባለም። ግን ጥፋቱም አልተድበሰበሰም፤ መሻሻሉም አልተደበቀም።

«ጥሩ ልጅ» የሚለውን ብዙዎች እንዳለ ይገለብጡታል። ምስጋናም ማስረጃ ይፈልጋል። ጠይቀን ያገኘነው ሹፌሮች ቀድሞ ለመጫን ሲከራከሩ እሱ ተራ አስይዞ እንደሚያስማማቸው ነው። «በኅዳር ወር ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ ሲደርስ የመጫኛ ተራ አስይዞ ያለ ኃላፊ ጣልቃ ገብነት አስተናግዷል» ብንል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያነበው አዲስ ኃላፊ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ያውቃል።

የሽያጭ ቡድን መሪ፦ *እኔ ዘዴው ገብቶኛል። ወቀሳውን በሁለት ምስጋና መካከል ማስገባት ነው። ሰውም አይቀየምም።*

እንዳይቀየም ማሰብዎ ደግ ነው፤ በቃል ሲነጋገሩ ይጠቅማል። በጽሑፍ ግን ለወቀሳው ማጀቢያ ተብሎ የተፈለገ ምስጋና ወዲያው ይታወቃል። አንድ ጊዜ «ሰዓት አክባሪ፣ ደንበኛ የሚያመናጭቅ፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው» የሚል ቅጽ መልሻለሁ። ሁለት እውነተኛ ጠንካራ ጎን ካለ ሁለቱን ይጻፉ፤ አንድ ካለ አንዱን። ሚዛናዊነት የመስመር ቁጥር ማመጣጠን አይደለም።

አዲስ ተቀጣሪ፦ *እትዬ፣ እኔ ራሴ 3.2 ነው የተሰጠኝ። ጓደኛዬ 4.1 አገኘ፤ አብረን ነው የምንሠራው። ይህ ፍትሕ ነው?*

ልጄ፣ ያንተ ጥያቄ ስለ ነጥብ ነው፤ እኔ የምመልሰው ስለ ጽሑፉ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አድርግ፤ ከነጥቡ አጠገብ የተጻፈውን አንብብ። ቃሉና ቁጥሩ ከተጣሉ፣ ማለት «ሥራውን በጊዜው ያስረክባል» ተብሎ ለጊዜ አጠባበቅ 2 ከተሰጠህ፣ ቅሬታህን ከዚያ ጀምር። የጓደኛህን ነጥብ ግን አትጥቀስ፤ የእሱን ሥራ በሙሉ አታውቅም።

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ (ሴት)፦ *ስለ አንዲት ሠራተኛዬ «ስሜታዊ ናት፣ ትኮራለች» የሚል ከሦስት ሰው መጣልኝ። ሦስት ሰው ካለ እውነት አይደለም?*

ሦስቱ የት ቆመው እንዳዩ ይጠይቁ። ሦስቱም የአንድ ቀን ስብሰባ እያወሩ ከሆነ ያለዎት አንድ ክስተት ነው፤ ሦስት አይደለም። ቀጥሎ አረፍተ ነገሩን በወንድ ባልደረባዋ ስም ያንብቡት። በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተከራከረ ወንድ «ቆራጥ» ተብሎ ከተጻፈለት፣ ለእሷ «ስሜታዊ» የሚለው ቃል ወድቋል። የሚጻፈው ምናልባት ይህ ነው፦ «በኅዳሩ ስብሰባ የሥራ ባልደረባዋን ንግግር ሁለት ጊዜ አቋርጣለች፤ የፈረቃ ድልድሉም ሳይወሰን ቀርቷል።» ያ ካልሆነ ደግሞ ምንም አይጻፍ። «ትኮራለች» የሚለው ብዙ ጊዜ «ምሳ አብራን አትበላም» ማለት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሒሳብ ክፍል ባልደረባ፦ *ማን እንዳለ ይጻፍ? እኛ ዘንድ «ግምገማ» ሲባል ሰው ገና ድሮ ያየውን አስታውሶ ይፈራል።*

ስም አይጻፍ። ግን «አንዳንድ ባልደረቦች እንዳሉት» የሚል ሐረግም አይግባ፤ ሰውየው ወሩን ሙሉ ማን ይሆን ሲል ይከርማል። ኃላፊው አጣርቶ ያረጋገጠውን በራሱ ስም ይጽፋል፤ ያላረጋገጠውን ይተዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ተመዛኙ ከመፈረሙ በፊት እንዲያነብና የራሱን አስተያየት እንዲጽፍበት ካልተደረገ፣ ቅጹን ምንም ብናሳምረው አይጠፋም።

የግል ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፦ *ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሁሉንም «ጥሩ» ብዬ ማለፍ አይቀለኝም?*

ዛሬ ይቀልዎታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ የሥራ ችሎታ መቀነስ፣ በኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልተወሰነ በስተቀር፣ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። ሦስት ዓመት «ጥሩ» እያሉ የፈረሙለትን ሰው በአራተኛው «ችሎታ የለውም» ብለው ቢያሰናብቱ፣ የሚመሰክርብዎት የገዛ ፊርማዎ ነው።

የመጋዘን አስተባባሪ፣ ከአዳማ፦ *አንድ ልጨምር። ከታኅሣሥ 20 በኋላ አንዱ ከባድ ስሕተት ሠርቷል፤ ሁሉም የሚያወራው እሱን ብቻ ነው።*

ይጻፉት፤ ከነቀኑ። ከዚያ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ያለውን ለየወሩ አንዳንድ መስመር ከመዝገብ ያውጡ። ምንም የሚያወጡት ከሌለ ችግሩ የእርስዎ ማስታወሻ አለመያዝ ነው፤ ከአሁን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ ሁለት መስመር ይጻፉ።

ስሜ ይቆይ፦ *አንዲት ሠራተኛ ስለ ባልደረባዋ «ይተናኮለኛል» ብላ ነገረችኝ። ምስክር የለም። ምዘናው ላይ ላስገባ?*

አያስገቡ፤ ዛሬውኑ ግን ለሚመለከተው ክፍል በአቤቱታ መንገድ ያድርሱ። ምዘና የማጣሪያ ቦታ አይደለም።

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፦ *አልስማማም። አቤቱታው ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ «ከባልደረቦቹ ጋር መልካም ግንኙነት አለው» ተብሎ ተፈርሞለት ደረጃ ያድጋል።*

እውነትዎን ነው፤ ይህ ደርሶብናል። እኛ ያደረግነው ያንን መስመር ባዶ ትቶ «በሂደት ላይ ባለ ጉዳይ ምክንያት አልተሞላም» ማለት ነበር። ሰውየው ባዶው ራሱ ክስ ነው ብሎ ተከራከረን፤ እኔም ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም።