22/24 እና 11/12፦ የልጁን ደረጃ ከደብተሩ ማወቅ

«አስተማሪዎች ካላችሁ እርዱኝ። ልጄ 3/4 + 1/6 የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። እሱ 4/10 አለ። እኔ በተማርኩት መንገድ ስሠራው 22/24 መጣልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ 11/12 ነው አለች። የቱ ነው ልክ? እንዴት ላስረዳው?» (ከደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ ያንቺም የጎረቤትሽ ልጅም መልስ ልክ ነው። 22ንም 24ንም ለ2 ስታካፍያቸው 11/12 ይመጣል። የተሳሳተው 4/10 ብቻ ነው።

ማስረዳቱ ላይ ግን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አልነገርሽንም። ብትነግሪንም ብዙ አይጠቅመንም ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀይሯል፣ የግል ትምህርት ቤቶችም የየራሳቸውን መጽሐፍ ይጨምራሉ። ከሚሴ አካባቢ የሚማር ልጅ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ስለሚችል፣ «ላዕል» እና «ታህት» ብትይው ላይገባው ይችላል። እኔ ልጆች ሳስጠና መጀመሪያ የማየው ደብተሩን ነው። ከዚህ ጥያቄ በፊት ያሉትን ሦስት አራት ገጾች ገልጠሽ እያቸው።

እዚያ ላይ ቀለም የተቀባ ሥዕል እና እንደ 2/7 + 3/7 ያሉ ታህታቸው አንድ የሆነ ጥያቄዎች ካገኘሽ፣ ልጁ ገና ጀማሪ ነው። «ትንሹ የጋራ ብዜት» የሚል ርዕስ ወይም 4፣ 8፣ 12 እያለ የሚቀጥል ዝርዝር ካገኘሽ ደግሞ አስተማሪው የሚጠብቀው 12ን ነው። ያንቺ መንገድ ሁለቱን ታህቶች ስለሚያባዛ 24 ላይ ይወስድሻል። መልሱ ባይሳሳትም ልጁ «ቲቸር እንዲህ አላለንም» ብሎ ይከራከርሻል፣ እውነቱንም ነው።

የትኛውም ቢሆን ከ4/10 ጀምሪ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው ያመጣው። ስህተት ነው ከማለትሽ በፊት እንዲህ ጠይቂው፦ «3/4 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይበልጣል ካለሽ «4/10ስ?» በይው። ያንሳል ሲልሽ ዝም ብለሽ ትንሽ ጠብቂው። ጨምረንበት እንዴት አነሰ የሚለውን ራሱ ሲያየው ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል። 3/4 ከግማሽ መብለጡን ካላወቀ ግን መደመሩን ተይው። ችግሩ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው፣ ከዚያ ጀምሩ።

ጀማሪ ከሆነ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በአንድ መስመር 12 ካሬ ያስምር። ለ4 እኩል ሲከፍለው እያንዳንዱ 3 ካሬ ይሆናል፣ ስለዚህ 3/4 ማለት 9 ካሬ ነው። ይቀባው። ያንኑ 12 ካሬ ለ6 ሲከፍለው ደግሞ እያንዳንዱ 2 ካሬ ነው። ከቀባው ቀጥሎ 2 ይቀባ። 11 ተቀብቶ 1 ባዶ ይቀራል፤ 11/12 ማለት ይኸው ነው። ሁለቱን ክፍልፋይ በአንዱ መስመር ላይ መቀባቱን ተከታተይ። ብዙ ልጆች ርዝመቱ የተለያየ ሁለት መስመር ይሠሩና ይምታታባቸዋል። ክብ አታሠሪው፤ በእጅ የተሣለ ክብ ለ6 እኩል አይከፈልም፣ ልጁም ዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው።

ብዜት የተማረ ከሆነ ካሬውን በአንድ ጊዜ አሳይተሽው እለፊ። የ4 ብዜቶች 4፣ 8፣ 12፤ የ6 ደግሞ 6፣ 12 ብሎ ይጻፍ። መጀመሪያ የሚገናኙት 12 ላይ ነው። 3/4 ወደ 9/12፣ 1/6 ወደ 2/12 ይቀየራል። ያንቺን 22/24 ከጎኑ ጽፈሽ «ይህንን አቃልለው» ብትይው፣ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ እንደሚደርሱ ያያል። ካሬው ደግሞ ገደብ አለው። 3/7 + 2/9 ቢሰጠው 63 ካሬ ሊያሰምር ነው፣ እዚያ ላይ ብዜት የግድ ይላል።

መግባቱን ለማወቅ ያንኑ ጥያቄ አትድገሚለት፣ መልሱን በቃሉ ይዞታል። 1/2 + 1/5 ስጪው። ማንም ሳይነግረው 10 ካሬ ካሰመረ ወይም 10ን ከብዜት ካገኘና 7/10 ካለ ገብቶታል። 2/7 ካለሽ ወደ «ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ተመለሺ።

ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጋር x እና y ካየሽ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ የረሳውን ብዜት ማስታወስ ይበቃል። ካልለየልሽ የጥያቄውን ሳይሆን ከጥያቄው በፊት ያሉትን ገጾች ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልን፣ አይተን እንነግርሻለን።