ኦሌድ ስክሪን ላይ የቀረ ጥላ፦ ይለቃል ወይስ ተቃጥሏል?

«ኦሌድ ቲቪ ነው ያለኝ። ዜና አይቼ ፊልም ስከፍት የጣቢያው ሎጎ ጥላ ይታየኛል። ስክሪኑ ተቃጠለ ማለት ነው ወይስ በራሱ ይለቃል?»

ወንድሜ፣ ገና ለገና ብለህ ጥገና ቤት አትሩጥ። እኛ ቤትም ደርሷል። እናቴ ጠዋት የከፈተችውን የዜና ጣቢያ ማታ ነው የምትዘጋው። በዓመት ከመንፈቁ፣ ጥግ ላይ የጣቢያው ቀይ ሎጎ፣ ከታች ደግሞ ጽሑፍ የሚሮጥበት መስመር ጥላቸው ቀረ።

ሙሉ ስክሪኑን በአንድ ቀለም የሚሞሉ ምስሎች በፍላሽ ጫንኩ፤ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። መብራት አጥፍቼ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ግራጫው ላይ ሁለቱም ታዩ። ቀዩ ላይ ግን ሎጎው ጠቆር ብሎ ቁልጭ አለ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ላይ የለም። ያኔ ጠረጠርኩ። ኦሌድ ከኋላው የሚያበራለት መብራት የለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ባበራች ቁጥርም እያረጀች ትሄዳለች። ቀይ ሎጎ ሺህ ሰዓታት እዚያው ሲቀመጥ የዚያ ቦታ ቀይ ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ይደክማሉ። «ተቃጠለ» የምንለው ይሄንን እርጅና ነው። የሚለቀው ጥላ ሌላ ነው። ነጥቦቹን የሚነዱት ትራንዚስተሮች ለረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት ሥራ ሲይዙ ለጊዜው ይዛባሉ፣ ሲያርፉ ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቲቪው ይህን መዛባት የሚያስተካክለው ስንዘጋው ነው። ብዙዎቹ ኦሌድ ቲቪዎች በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ከታዩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ፣ ስክሪኑ እንደጨለመ ለጥቂት ደቂቃዎች ራሳቸውን ለክተው ያስተካክላሉ። እኛ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያበላሸው ብለን ማታ ማታ ከማከፋፈያው ቁልፍ ላይ እናጠፋው ነበር። ምስኪኑ ቲቪ አንድም ቀን ሥራውን አልጨረሰም!

ከዚያ በሪሞት ዘግተን፣ አንድ ሰዓት ቆይተን መንቀል ጀመርን። በአራተኛው ቀን የታችኛው መስመር ጥላ ጠፋ። ሎጎው ንቅንቅ አላለም።

ለሎጎው ሴቲንግ ውስጥ ያለውን Pixel Refresher አስጀመርኩ (ስሙ እንደ ቲቪው ይለያያል)። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጥ። ደብዘዝ አለ፣ ግን ቀዩ ምስል ላይ እስካሁን አለ። በየሳምንቱ ግን አትሞክረው፤ ያረጀውን ነጥብ አያድስም፣ ልዩነቱን ለማካካስ ብቻ ነው የሚሠራው። ዩቲዩብ ላይ ቀለም እያብለጨለጩ «እናጠፋለን» የሚሉትንም ተዋቸው። ደህናውን ነጥብ አብረው ያስረጁብሃል።

ለወደፊቱ፣ ዜና ስታይ ከVivid ውጣና ብርሃኑን ቀንስ፤ ሎጎ የሚያደበዝዘውን ምርጫም አታጥፋው። እናቴ አሁን ዜናዋን የምትከታተለው ጓዳ ባለው አሮጌ ኤልሲዲ ነው።